ነጥቧ የት ጠፋች? የሰንጠረዥ ፎቶ አነሳስ ለተማሪዎቼ

ልጆች፣ የግቢያችንን የዝናብ መዝገብ በስልክ አንስታችሁ ኤክሴል ላይ ገልብጡ ብዬ ሰጥቻችሁ ነበር። ሥራችሁን ስከፍት ደብረ ብርሃን ነሐሴ 14 ቀን 124 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶባታል ይላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ እንደ እናንተ ወረቀት ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተደፍቶ፣ አሁንም አራት ሊትር ተርፏል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የበሬሳን ወንዝ ወሬ ከእናንተ ወረቀት ሳይሆን ከጎረቤት በሰማሁት ነበር።

መዝገቡን አውጥቼ አየሁት። የተጻፈው 12.4 ነው። የጠፋችው ነጥቧ ብቻ ናት። ከጽሑፉ ወደ ኤክሴል ስትሄድ መንገድ ላይ የቀረችው ደግሞ በመገልበጡ ጊዜ አይደለም፤ ገልባጩ ፎቶው ላይ ያየውን በታማኝነት ነው የጻፈው። ነጥቧ የጠፋችው ፎቶው ሲነሳና ሲላክ ነው። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ስለ ፎቶው ጻፍኩላችሁ።

መዝገቡ ምን ይመስላል?

ለቀረባችሁም ሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። መዝገቡ ሲከፈት ሰንጠረዡ በሁለት ገጽ ላይ ተዘርግቷል። በግራው ገጽ ጠርዝ ከ1 እስከ 30 ቀኖቹ ወደ ታች ተጽፈዋል፤ ከነሱ ቀጥሎ ከመስከረም እስከ የካቲት ስድስት ወሮች አሉ። በቀኙ ገጽ ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን ሰባት አምዶች አሉ። አምድ የምለው ወደ ታች የሚወርደውን ነው፣ ረድፍ ደግሞ ወደ ጎን የሚሄደውን። ከ30ኛው ቀን በታች አራት ረድፎች አሉ፦ የመጀመሪያው አሥር ቀን ድምር፣ የሁለተኛው፣ የሦስተኛው፣ ከዚያም የወሩ ጠቅላላ።

ልብ በሉ፣ የቀኑ አምድ ያለው በግራው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከስህተቶቻችሁ ውስጥ ግማሹ የመጣው ከዚህች አንድ ነገር ነው፤ እመለስባታለሁ።

ጠዋት በ3 ሰዓት መለኪያውን አይተው የሚጽፉት የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው። ክረምት እናንተ ስትበተኑ እሳቸው ይቀራሉ፣ ዝናቡም የሚበዛው ያኔ ነው። የሚጽፉት በእስክሪብቶ ነው፣ ቁጥሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው፣ ነጥቧ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው።

ነጥቧ እንዴት ትጠፋለች?

የስልክ ፎቶ ከጥቃቅን የቀለም ነቁጦች የተሠራ ነው፤ ፒክስል ይባላሉ። እንደ ጥልፍ አስቡት። እናቶቻችሁ ቀሚስ ላይ መስቀል ሲጠልፉ በቂ ክር የሚያልፍበት ስፍራ ከሌላቸው መስቀሉ መስቀል አይመስልም፣ እንደ ቆሻሻ ጠብታ ይቀራል። ቁጥርም እንደዚያው ነው። ጥያቄው ስልኩ ስንት ፒክስል አለው የሚለው ሳይሆን፣ ለዚያች ነጥብ ስንት ፒክስል ደረሳት የሚለው ነው።

እናስላው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ፎቶ በረጅሙ ጎኑ 4000 ያህል ፒክስል አለው። አንድ ገጽ ብቻ፣ ማለትም 29.7 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወረቀት፣ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ቢሞላው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 13 ፒክስል ይደርሰዋል። ነጥቧ ስድስት ፒክስል ስፋት ታገኛለች ማለት ነው። በደንብ ትታያለች።

የነሐሴው ፎቶ ግን እንዲህ አልነበረም። ሁለቱም ገጾች አንድ ላይ ተነስተዋል፣ ዙሪያውን ዴስኩና የአንድ ሰው ጉልበት ገብቷል፣ መዝገቡ የያዘው የፎቶውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ከዚያ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተላከ። ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ሲልክ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ያሳንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ከ1280 ሁለት ሦስተኛው 850 ገደማ ነው። እሱን ለ42 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስታካፍሉት ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ሁለት ፒክስል ነው፤ ለነጥቧ አንድ። እሷም ብትሆን ግራጫ ሆና የሰንጠረዡ መስመር ላይ ተለጥፋለች። ማንም ቢያጎላው አያገኛትም፤ የሌለ ነገር አይጎላም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለው፣ አንድ ፎቶ አንድ ገጽ ነው። ስልኩን ከገጹ በላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ገጹ ፎቶውን እንዲሞላው አድርጉ፣ ግን አራቱም የሰንጠረዡ ማዕዘኖች ከነጠባብ ጠርዛቸው ይታዩ። ርዕሱ ወይም የታችኛው ድምር እንዳይቆረጥ። ስክሪኑን መሃል ላይ በጣት ነክታችሁ እስኪጠራ ጠብቁ፣ ሁለት ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም በፎቶው በኩል ሳይሆን File በሚለው በኩል ላኩ፤ ያኔ ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል። ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ። ካልሆነላችሁ ስልኩን ይዛችሁ ኑ፣ በገመድ እቀዳዋለሁ።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ፎቶውን አጉልታችሁ በጣም ደካማ የተጻፈችውን ነጥብ ፈልጉ። እሷ ከታየች ሌላው ሁሉ ይታያል። ትልልቁን ርዕስ አይታችሁ «ግልጽ ነው» አትበሉ፤ ርዕስ በማንኛውም ፎቶ ይነበባል።

የት ሆኜ ላንሳ? ፍላሽስ?

ፍላሽ አታብሩ። የእስክሪብቶ ቀለምና በተለይ እርሳስ ያብለጨልጫሉ፤ ብርሃኑ ከካሜራው አጠገብ ሲነሳ ተመልሶ ወደ ካሜራው ይመጣና መሃል ላይ ያሉ ሦስት አራት ሳጥኖች ነጭ ይሆናሉ። ነጭ የሆነ ሳጥን ደግሞ ባዶ ሳጥን ይመስላል። ይህ ከደበዘዘ ቁጥር የባሰ ነው፤ የደበዘዘውን ትጠረጥሩታላችሁ፣ ባዶውን ግን አምናችሁ ታልፉታላችሁ።

ለዚህ ሥራ የእኛ አገር የክረምት ሰማይ ምቹ ነው። ደመናው ሰማዩን በሙሉ ሲሸፍነው ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወርዳል፣ ጥላ አይጥልም። በረንዳ ላይ ውጡ። በበጋ ፀሐይ ከሆነ የግድግዳ ጥላ ውስጥ ግቡ፤ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ የሆነ ገጽ ግን አታንሱ፣ ካሜራው ለአንዱ ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ ጠርዙን በአራት ጠጠር ያዙት፣ ጠጠሩ ቁጥር ላይ እንዳያርፍ ብቻ። የመዝገቡ ወረቀት ስስ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ያሳልፋል፤ ከገጹ ስር ጥቁር ነገር ብታስገቡ ይጠፋል። አንዷ ተማሪ የአባቷን በርኖስ ጫፍ አስገብታ ያነሳችው ከሁሉም የጠራው ነው።

የሚያጠራጥር ሳጥን ካለ ሁለተኛ ፎቶ አንሱ፣ ይህኛው ግን ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣበት ይሁን፤ ለምሳሌ ማታ የሌላ ስልክ መብራት የወረቀቱ ጠርዝ ላይ አስተኝታችሁ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫነዋል። ቀለሙ ባይወጣ እንኳ የነጥቧ ጉድጓድ ጥላ ይሠራል፣ ትታያለች። የጋሼን የሰኔ ወር ሁለት ቁጥሮች ያወቅኋቸው በዚህ መንገድ ነው።

ሐምሌ ለምን አንድ ቀን ወደ ላይ ወጣ?

ከነጥቧ ይልቅ ያስፈራኝ ይህኛው ነው። ሐምሌ 19 መዝገቡ ላይ ባዶ ነው። ገብርኤል ነውና ጋሼ ንግሥ ሄደዋል። ከእናንተ አንዷ ግን የ20ን ቁጥር 19 ላይ ጻፈች፣ የ21ን 20 ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። 30ኛው ባዶ ቀረ። አንድም ቁጥር አልተሳሳተም፣ የወሩ ድምር ልክ ነው፣ ግን 11 ቀኖች የሌላ ቀን ዝናብ ይዘዋል።

ምክንያቱን ፎቶው ላይ አገኘሁት። የቀኙን ገጽ ለብቻ አንስታዋለች፣ በዚህስ አልወቅሳትም፣ እኔ ራሴ አንድ ገጽ አንድ ፎቶ እያልኩ ነው። ነገር ግን የቀኙ ገጽ የቀን አምድ የለውም። ስለዚህ ቀኑን ለማወቅ ሁለቱን ገጽ ወደያዘው ሌላ ፎቶ ሄዳ ዓይኗን ከግራ ወደ ቀኝ ሳበች። ያ ፎቶ ጥቂት ዘመም ብሏል።

ምን ያህል ቢዘም ነው አንድ ረድፍ የሚያሳስተው? የረድፉ ቁመት 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለቱ ገጽ ስፋት 420 ሚሊ ሜትር። 7ን ለ420 ብታካፍሉ አንድ ስድሳኛ ነው፣ በማዕዘን ሲለካ አንድ ዲግሪ ገደማ። አንድ ዲግሪ ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ግራ ጠርዝ ላይ 20 ብሎ የጀመረ ቀጥታ መስመር ቀኝ ጠርዝ ሲደርስ 19 ላይ ወይም 21 ላይ ይወድቃል። የሰንጠረዡ መስመሮች በግልጽ ቢታዩ እነሱን ተከትሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን መዝገቡ መሃሉ ላይ ወደ ስፌቱ ሲገባ ወረቀቱ ይጎብጣል፣ መስመሮቹም እዚያ ይታጠፋሉ። ከግራው ገጽ የመጣው መስመር ከቀኙ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ማየት አይቻልም።

መላው ቀላል ነው። ከደብተር አንድ ቀጭን ረጅም ወረቀት ቅደዱ። በግራው ገጽ ላይ ከቀኑ አምድ ጎን አስተኝታችሁ ከየረድፉ ትይዩ ከ1 እስከ 30 ጻፉበት። ከዚያ ወደ ቀኙ ገጽ አምጡት፣ በስፌቱ በኩል ከመጋቢት ግራ አኑሩት፣ የራስጌውን ረድፍ መስመር ከመስመር ገጥማችሁ በጠጠር ያዙት። አሁን የቀኙ ገጽ የራሱ ቀን አለው፣ ወደ ሌላ ፎቶ መሄድ አያስፈልግም። የመዝገቡን ዓመትና «ቀኝ ገጽ» የሚለውንም እዚያው ወረቀት ራስ ላይ ጻፉ፤ ስልካችሁ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ስትፈልጉት ትለዩታላችሁ። ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ የያዘውን ፎቶም አንሱ፣ ግን ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ቁጥር አታንብቡበት።

ስልኩ ቀጥ ብሎ ከላይ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የካሜራውን ፍርግርግ መስመር አብሩ፤ በአብዛኛው ስልክ ማስተካከያው ውስጥ አለ። የሰንጠረዡ የላይኛው መስመርና የታችኛው መስመር ስክሪኑ ላይ እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። የላይኛው ካጠረ ስልኩ ወደ እናንተ አዘንብሏል ማለት ነው፣ የራቁት ረድፎች ተጨብጠዋል፣ ስህተትም የሚበዛው እዚያ ነው።

የግራውን ገጽ ስታነሱ የቀኑን አምድ የምትፈልጉት ለሌላም ጉዳይ ነው። ጋሼ 1ን ሲጽፉ አፍንጫ ያወጡለታል፣ 7 ይመስላል። ሳጥን ውስጥ ያለው 1 ይሁን 7 ግራ ሲገባችሁ ወደ ቀኑ አምድ ሂዱ፦ 11ን፣ 17ን፣ 27ን እንዴት እንደጻፉ ታያላችሁ። ከ1 እስከ 30 ያሉት ቁጥሮች ውስጥ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ አሉ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ፣ ሁሉም ምን እንደሆኑ አስቀድሞ የታወቁ። ከዚህ የተሻለ የእጅ ጽሑፍ መፍቻ የለም።

ባዶ፣ ሰረዝና ዜሮ አንድ አይደሉም?

አይደሉም። 0.0 ማለት ተለካ፣ አልዘነበም ማለት ነው። ባዶ ማለት አልተለካም ማለት ነው። ጋሼ ሰረዝ የሚያደርጉት ግን መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ካፊያ ጥሎ መለኪያው ውስጥ የሚነበብ ሳይጠራቀም ሲቀር ነው አሉኝ። ሦስቱን እንዳሉ ገልብጡ፣ ባዶውን በዜሮ አትሙሉ። ሐምሌ 19 ዘንቧል፤ ውሃው መለኪያው ውስጥ አድሮ 20 ላይ አብሮ ነው የተነበበው። 19ን ዜሮ ካላችሁ ያልሆነ ነገር ጻፋችሁ ማለት ነው።

በስልኬ «ስካን» ባደርገውስ?

ጠርዙን አስተካክሎ ዝንባሌውን የሚያቃናው ክፍል ጥሩ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ግን አጥፉት። እሱ እያንዳንዱን ነቁጥ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ብሎ ይፈርዳል፤ የደበዘዘች ነጥብ ነጭ ተብላ ትጣላለች፣ የወረቀት ጉድፍ ደግሞ ጥቁር ተብሎ ነጥብ ይሆናል። ፎቶው ለዓይን ያምራል፣ ለዚህ ነው የሚያታልለው።

መሣሪያ ቁጥር ይቀይራል ስላችሁ እንዳትስቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች የሕንፃ ፕላን ስካን ሲያደርጉ የክፍሎችን ስፋት በሌላ ቁጥር እየተኩ እንደሚያወጡ አጋለጠ። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ምስሎችን አንድ አድርጎ ያስቀምጥ ስለነበር 6 የነበረው 8 ሆኖ ይወጣ ነበር፣ ያውም ጥርት ብሎ። የእናንተ ስልክ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። የጠራ ምስል ሁሉ ትክክለኛ እንዳልሆነ ግን ከዚህ እዩ።

ትክክል መገልበጤን በምን አውቃለሁ?

ለዚህ ነው የታችኞቹን አራት ረድፎች አትቁረጡ የምለው። ቀኖቹን በመጀመሪያው አምድ ካስገባችሁ ነሐሴ አሥራ ሦስተኛው አምድ ላይ ይውላል፤ ድምሩ ይኸው፦

```
=SUM(M2:M31)
```

ኤክሴል የሰጠን 409.2 ነው። ጋሼ የጻፉት 297.6። ልዩነቱ 111.6። ሰላሳውንም ቀን እንደገና ከማየት በፊት የአሥር ቀን ድምሮቹን አወዳደርኩ። በመዝገቡ 118.3፣ 96.5 እና 82.8 ናቸው። በእናንተ 118.3፣ 208.1 እና 82.8። ስህተቱ ከ11 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ልዩነቱን ለ9 አካፈልኩት፣ 12.4 ወጣ። ለምን ለ9? ነጥብ ስትጠፋ ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይሆናል፣ አንዱ እጥፍ የራሱ ስለሆነ ትርፉ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለ9 አካፍላችሁ የሚመጣው ያ የተሳሳተው ቁጥር ራሱ፣ ከነነጥቡ ነው። 124 የሚል ፈለግሁ፣ 14ኛው ቀን ላይ ተቀምጧል። ይህ የሚሠራው ስህተቱ አንድ ብቻ ከሆነ ነው፤ ሁለት ነጥብ ከጠፋ የሚመጣው የሁለቱ ድምር ነው፣ እሱን ደግሞ በዓይን መፈለግ ነው።

የወሩ ድምር የሐምሌን መንሸራተት አይይዘውም፤ ቁጥሮቹ ቦታ ቢቀያየሩም ድምሩ ያው ነው። የአሥር ቀኑ ግን ያዘው። የ21ኛው ቀን 8.2 ወደ 20 ስለወጣ ሁለተኛው አሥር ቀን በ8.2 በለጠ፣ ሦስተኛው በ8.2 ጎደለ። አንዱ የበለጠበት ሌላው የጎደለበት መጠን እኩል ሲሆን ቁጥር አልተሳሳተም፣ ረድፍ ተንሸራቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። መንሸራተቱ ጀምሮ የቆመው እዚያው በአሥር ቀን ውስጥ ከሆነ ግን ይህም አያየውም፤ ያኔ ያላችሁ ያች ቀጭን ወረቀት ብቻ ናት።

የጳጉሜን አምድ ከ5ኛው ቀን በታች፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ከ6ኛው በታች ባዶ መሆኑ ያልተለካ ማለት አይደለም፤ ቀኑ ስለሌለ ነው። ኤክሴሉ ላይ እነዚያን ሳጥኖች ግራጫ ቀለም ቀቡልኝ።

ሰኞ ጋሼ የ3 ሰዓቱን ለክተው ሲጨርሱ መዝገቡን ይሰጡናል፣ እስከ 5 ሰዓት መመለስ አለበት። የቀኙን ገጽ ብቻ ነው የምንደግመው። ቀጭኑን ወረቀትና አራት አራት ጠጠር ይዛችሁ በረንዳው ላይ ጠብቁኝ፣ የድሮውን ፎቶ ድምሮቹ እስኪገጥሙ አታጥፉ።